"90 ከየት መጣ?" የእንቁላል እርባታ ፕላን የገቢ ቁጥሮችን ከነምንጫቸው መመዝገብ

ለአነስተኛ ንግዶች የቢዝነስ ፕላን ማዘጋጀት የዕለት እንጀራዬ ነው። ብዙ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ፕላኑን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው። "አሳምርልን" ይለኛል። እኔ ግን መጀመሪያ የምከፍተው የገቢውን ሠንጠረዥ ነው። ወጪውን ሰው ጠይቆ ነው የሚያስገባው። የመኖ ዋጋ አለ፣ የቆርቆሮ ፕሮፎርማ አለ፣ የጥበቃ ደመወዝ ይታወቃል። ገቢው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጭንቅላት ይወጣል።

እዚህ የማነሳው ቢሾፍቱ ላይ የእንቁላል ዶሮ ለማርባት ብድር የጠየቁ ወንድምና እህት ፕላን ነው። ፈቅደውልኛል። ስሌቱን ለመከተል እንዲቀል ቁጥሮቹን ትንሽ አጠጋግቻለሁ። ዋጋዎቹም የያኔ ናቸው፤ የዛሬ ገበያ አድርጋችሁ እንዳትወስዷቸው።

ፕላናቸው የመጀመሪያ ዓመት ገቢ ብሎ ሦስት መስመር ነበረው። አንደኛው እንቁላል፦ 1,000 ዶሮ፣ 90 በመቶ ምርት፣ 365 ቀን፣ አንዱ እንቁላል 12 ብር፤ 3,942,000 ብር። ሁለተኛው ለሆቴሎች የሚቀርብ እንቁላል፤ 600,000 ብር። ሦስተኛው መጣል ያቆሙ ዶሮዎች ሽያጭ፤ 500,000 ብር። ድምሩ 5,042,000 ብር። የብድር ባለሙያዋ ወረቀቱን የመለሰችላቸው በእርሳስ ጠርዙ ላይ አንድ ነገር ጽፋ ነው፦ "90 ከየት መጣ?"

ወንድምየው ትንሽ ተናዶ ነበር። "ከመጽሐፉ ነዋ!" አለኝ። እውነቱን ነው። የቦቫንስ ብራውን ዝርያ መመሪያ ስልኩ ላይ ነበረው። መመሪያው ላይ ከ90 በመቶ በላይ የሚል ቁጥር በግልጽ ተጽፏል። ችግሩ ቁጥሩ ምንጭ ማጣቱ አይደለም። ምንጩ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። መመሪያው 90ን የሚያልፈው ዶሮዋ ምርቷ ጣሪያ በሚነካበት ወቅት፣ በጥሩ አያያዝና በተመጣጠነ መኖ ነው። እነሱ ደግሞ ያንኑ ቁጥር ለዓመቱ ሁሉ፣ ለመጀመሪያዋ ቀን ጭምር አድርገውታል።

ስለዚህ የግምት መዝገብ ስንሠራ "ምንጭ" የሚል አንድ ዓምድ ብቻ አላስቀመጥኩም። ምንጭ ካላችሁ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይሞላበታል። "ገበያ ጥናት" ብሎ የሚሞላም ሞልቷል። ከጎኑ ሌላ ዓምድ አለ፦ "ይህ ማስረጃ የሚናገረው በትክክል ስለ ምንድን ነው?" እዚያ ላይ ቦታው፣ ጊዜው፣ መለኪያውና ሻጩ ማን እንደሆነ ይጻፋል። ያ ዓምድ ሲሞላ ግማሹ ቁጥር ራሱን ያጋልጣል።

መዝገቡ ራሱ የተወሳሰበ ነገር አይደለም። በኤክሴል አንድ ሺት ነው። ለእያንዳንዱ ግምት ቁጥር እንሰጠዋለን፤ ገቢ ስለሆነ ገ-1፣ ገ-2 እያልን ሄድን። ከዚያ የተያዘው ዋጋ፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው፣ መለኪያው፣ ማስረጃው፣ የተሰበሰበበት ቀን፣ የሰበሰበው ሰው፣ ደረጃው፣ የሚገባበት ሴል፣ እንደገና የሚታይበት ቀን። ቀን ስትጽፉ "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ማለት አትርሱ። የሁለቱ ዘመን አቆጣጠር መደባለቅ በኋላ ፋይሉን ለሚያይ ሰው ራስ ምታት ነው።

ደረጃ ያልኩት ማስረጃው ምን ያህል እንደሚያስተማምን የሚያሳይ ፊደል ነው። ሀ የራስ መዝገብ ወይም የተፈረመ ወረቀት ነው። ለ ቦታው ድረስ ሄደን ያየነው የሌላ ሰው መዝገብ ወይም በጽሑፍ የተሰጠ ዋጋ ነው። ሐ መጽሐፍ፣ መመሪያ ወይም ልምድ ያለው ሰው በቃል የነገረን ነው። መ "ይመስለናል" ነው። መ ማስገባት ክልክል አይደለም። መ መሆኑን ደብቆ ማስገባት ነው የማይፈቀደው።

አሁን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

1,000 የሚለው ቀላል ነበር። ከጫጩት አሳዳጊ የተሰጠ ፕሮፎርማ አለ፤ የ16 ሳምንት ዕድሜ ያላቸው 1,000 ቄብ ዶሮዎች ይላል። ግን ፕሮፎርማው ስንት እንደሚገቡ እንጂ ስንት በሕይወት እንደሚቆዩ አይነግረንም። ፈንግል አለ፣ ሙቀት አለ፣ እርስ በርስ መነካከስ አለ። ለሞቱ የተለየ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ማስረጃው የተገኘው ከእነሱ ግቢ ብዙም ሳይርቅ ነው። አንድ ጋሼ ያንኑ ዝርያ ለዓመታት አርብተዋል። እንቁላሉን በየቀኑ የሚመዘግቡበት የትምህርት ቤት ደብተር አላቸው። የሞተውንም በቀይ እስክሪብቶ ያሰፍራሉ። እህትየዋ ቡና ጠጥታ፣ አስፈቅዳ፣ የአንድ ሙሉ ዙር ገጾችን በስልኳ ፎቶ አንስታ መጣች። "እኔ እኮ ለማንም ተፈልጎ አይደለም የምጽፈው" ብለዋት ነበር። ከዚያ ደብተር የተሻለ ማስረጃ በዚህ ፕላን ውስጥ አልገባም።

ከደብተሩ ያወጣነው ይህን ነው። በዓመቱ ከ100 ዶሮ ወደ 8 ያህል ሞተዋል። ስለዚህ 1,000 ገብተው 920 ቢቀሩ በአማካይ በሕይወት ያለው 960 ነው። ምርቱ ከተረጋጋ በኋላ ደግሞ አማካዩ 80 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ በዶሮ ፕላን ላይ በጣም የሚያሳስተው ቦታ ይህ ነው። 80 በመቶ ከየትኞቹ ዶሮዎች? በዕለቱ በሕይወት ካሉት ነው ወይስ መጀመሪያ ከገቡት 1,000? ሁለቱም አቆጣጠር በመመሪያዎች ውስጥ አለ። መቶኛው በሕይወት ካሉት የተሰላ ከሆነ በ960 ይባዛል። ከገቡት የተሰላ ከሆነ ሞቱ ቀድሞ ውስጡ ስላለ በ1,000 ይባዛል። ብትደባልቋቸው የሞተውን ወይ ሁለት ጊዜ ትቀንሳላችሁ ወይ ጭራሽ ሳትቀንሱ ታልፋላችሁ። ጋሼ ቁጥሩን በዕለቱ ካሉት ዶሮዎች ጋር ስለሚጽፉት የእኛ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በመዝገቡ ላይ እንዲህ ሰፈረ፦

```
ገ-3   የተረጋጋ ጊዜ ምርት
ዋጋ     80%   (ዝቅተኛ 70%፣ ከፍተኛ 85%)
መለኪያ   በዕለቱ በሕይወት ካሉ ዶሮዎች
ማስረጃ   የጎረቤት እርባታ ደብተር፣ አንድ ሙሉ ዙር፣ ፎቶ
ስለምን   ያው ዝርያ፣ ያው አካባቢ፣ የወለል ላይ አያያዝ
ደረጃ    ለ
ሴል     Inputs!C5
```

በደብተሩ ውስጥ ምርቱ ለሳምንታት ክፉኛ የወረደበት ወቅት ነበር። የመኖ አቅራቢ ሲቀየር ነው አሉ። ወንድምየው "ይህቺን እናውጣት፣ ለየት ያለ አጋጣሚ ነው" አለ። አላወጣናትም። መኖ የማይቀየርበት፣ መብራት የማይጠፋበት ዓመት ቢኖርማ ደግ ነበር። ከማስረጃ ውስጥ የምንወደውን ወር ብቻ መርጠን ካስቀረን ማስረጃው የእኛ ምኞት ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ 365። ዶሮዎቹ የሚገቡት በ16 ሳምንታቸው ነው። መጣል የሚጀምሩት ከ18 እስከ 20 ሳምንት አካባቢ ነው፤ ያውም ቀስ በቀስ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 4 ሳምንታት ዜሮ አደረግን። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት ምርቱ እየወጣ ስለሆነ አማካዩን 50 በመቶ ያዝን። የቀሩት 42 ሳምንታት 80 በመቶ። 50ን ከሁለት ቦታ ነው ያየናት፤ ከደብተሩና ከመመሪያው ኩርባ። የደብተሩ ዶሮዎች በሌላ ዕድሜ ስለገቡ ግን ደረጃውን ወደ ሐ ዝቅ አደረግነው።

ስሌቱ እንግዲህ ይህ ነው። 42 ቀን በ960 በ50 በመቶ፤ 20,160 እንቁላል። 294 ቀን በ960 በ80 በመቶ፤ 225,792። በድምሩ 245,952። የመጀመሪያው ፕላን 328,500 ነበር ያለው። ዋጋ ሳንነካ 82 ሺህ ያህል እንቁላል ጠፋ።

ዋጋው ላይ ስንመጣ 12 ብርም እውነተኛ ማስረጃ ነበረው። እህትየዋ ሱቅ ገብታ ጠይቃ ነው የጻፈችው። ነገር ግን 12 ባለሱቁ የሚሸጥበት ነው፤ እነሱ የሚሸጡት ለባለሱቁ እንኳ አይደለም፣ ለአከፋፋይ ነው። አከፋፋዩ የሚገዛው በባለ 30 ትሪ ነው። ትሪውን 300 ብር አላቸው፤ እንቁላሉ 10 ብር መጣ። ግቢያቸው ድረስ መጥቶ በራሱ መኪና ይጭናል። ይህም በመዝገቡ ይጻፋል፤ "10 ብር፣ ከግቢ" እና "10 ብር፣ አዲስ አበባ ድረስ አድርሶ" አንድ ዋጋ አይደሉም።

ዋጋውን ለማረጋገጥ ሁለት ሌሎች እርባታዎችን ጠየቁ። ሁለቱም 300 አሉ። "ይኸው፣ ሦስት ምንጭ!" አለ ወንድምየው ደስ ብሎት። ለማን እንደሚሸጡ ስናጣራ ሁለቱም ለዚያው አከፋፋይ ነው የሚሸጡት። ሦስት ሰው አንድ ድምፅ ነበር ያሰማን። ከዚያ ሌላ አከፋፋይ ፈልገው 290 እና 305 መካከል የሚል መልስ አገኙ። ያኔ ነው ሁለት ምንጭ የሆነው። በመዝገቡ ላይ "ማን ነገረህ?" ብቻ ሳይሆን "እሱስ ከየት ሰማ?" የሚለውን መጠየቅ ለዚህ ይጠቅማል።

ከዋጋው ጋር አብሮ የመጣ ሌላ ነገር አለ። አከፋፋዩ ሲረከብ የተሰነጠቀውንና በጣም ትንሹን ይቀንሳል። የጎረቤት ጋሼ ደረሰኞች ላይ ቅናሹ በአማካይ 3 በመቶ አካባቢ ነው። ከ245,952 ላይ 3 በመቶ ሲነሳ የሚሸጠው 238,573 ይሆናል።

አሁን ጾሙ። የእንቁላል ገቢ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዋጋ የሚያባዛ ፕላን ሳይ ጸሐፊው ቁርሱን የት እንደሚበላ እጠይቃለሁ። በሁዳዴ 55 ቀን ከተማው እንቁላል መግዛት ይቀንሳል፤ ዶሮዋ ግን አትጾምም፣ መጣሏን ትቀጥላለች። ይህን ሁሉም ያውቃል። መዝገብ ግን "ሁሉም ያውቃል" አይቀበልም፤ በስንት ይወርዳል? አከፋፋዩ ያለፈውን ዓመት የግዢ ደብተር እንዲያሳየን ለመንነው። በሁዳዴ ትሪውን ወደ 240 ብር ሲገዛ ቆይቷል። በፍልሰታ 15 ቀንም እንዲሁ ወርዷል። የሚገርመው በጾመ ነቢያት ዋጋው ብዙም አልተነቃነቀም። እኛ በጾም ሁሉ ይወርዳል ብለን አስበን ነበር፤ ደብተሩ ሌላ አለ። ደብተሩን ተከተልን። የአንድ አከፋፋይ የአንድ ዓመት ደብተር ስለሆነ ግን እንደገና የሚታይበትን ቀን ቅርብ አደረግነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ሁዳዴ የሚገባበት ቀን በባሕረ ሐሳብ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ "የመጋቢት ዋጋ 8 ብር" ብላችሁ አትጻፉ። "የሁዳዴ ዋጋ 8 ብር" ብላችሁ ቀኑን ለየዓመቱ ለብቻው አስገቡ። አለበለዚያ የሁለተኛው ዓመት የገንዘብ ፍሰት በሳምንታት ይዛባል።

ሁለቱ ጾሞች ሲደመሩ 70 ቀን ናቸው፤ ሁለቱም ምርቱ ከተረጋጋ በኋላ ይውላሉ። በእነዚህ ቀናት የሚሸጠው 52,147 እንቁላል በ8 ብር፤ 417,176 ብር። የቀረው 186,426 በ10 ብር፤ 1,864,260 ብር። ድምሩ 2,281,436 ብር።

የሆቴሎቹ 600,000 ብርስ? የሆቴሉ የግዢ ኃላፊ በቃል "እንወስዳለን" ብሏል። የቃል ስለሆነ ሐ ሰጥተን ልናስቀምጠው ነበር። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀላል ነገር ጠየቅሁ፦ ይህ እንቁላል ከየትኞቹ ዶሮዎች ነው የሚመጣው? ዝም አሉ። የመጀመሪያው መስመር 1,000ዎቹ የጣሉትን ሁሉ ሸጦ ጨርሷል። ሆቴሉ ተጨማሪ ገዢ እንጂ ተጨማሪ እንቁላል አይደለም። ሆቴሉ ከአከፋፋዩ የተሻለ ዋጋ በጽሑፍ ቢሰጥ ልዩነቱ ብቻ ይደመራል። ጽሑፍ አልሰጠም፤ መስመሩ ዜሮ ሆነ። ገቢን በገዢ የምትከፋፍሉ ከሆነ የገዢዎቹ ድምር ከምርቱ እንዳይበልጥ የሚያሳይ አንድ ሴል አስገቡ።

የዶሮዎቹ ሽያጭ 500,000 ደግሞ ዋጋው ሳይሆን ዓመቱ ነው የተሳሳተው። በ16 ሳምንት የገቡ ዶሮዎች ከ52 ሳምንት በኋላ 68 ሳምንታቸው ነው። ጋሼ የሚያስወግዱት ከ72 ሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም በዓል ጠብቀው። ስለዚህ ገንዘቡ የሁለተኛው ዓመት ነው፤ ያውም የ1,000 ሳይሆን የተረፉት ዶሮዎች ብቻ።

5,042,000 የነበረው 2,281,436 ሆነ። ከግማሽ በታች ማለት ነው። ወንድምየው የዚያን ዕለት ብዙ አላወራም።

ቁጥሮቹ መዝገብ ውስጥ መግባታቸው ግን በቂ አይደለም፤ ፕላኑ በእርግጥ ከመዝገቡ እየወሰደ መሆኑ መታየት አለበት። የመጀመሪያው ፋይል ላይ ሴሉ እንዲህ ነበር፦

```
=1000*0.9*365*12
```

ይህን ዓይነት ሴል ማንም ሊመረምረው አይችልም። ግምቶቹን ሁሉ `Inputs` ወደሚባል ሺት አወጣንና የገቢው ሺት ከዚያ ብቻ እንዲጠራ አደረግን፤ ለምሳሌ የእንቁላሉ ብዛት፦

```
=Inputs!C3*Inputs!C4*Inputs!C5
```

በቀጥታ የተጻፈ ቁጥር መቅረቱን ለማየት የገቢውን ሺት ከፍታችሁ `F5`፣ ከዚያ `Special`፣ ከዚያ `Constants` ምረጡ። ኤክሴል በእጅ የተተየቡትን ሴሎች ያበራቸዋል። አንድ ጉድለት አለው፤ በቀመር ውስጥ የተደበቀ ቁጥር፣ ለምሳሌ `=B5*0.9`፣ አያሳይም። ለዚያ `Ctrl` ይዛችሁ የ`` ` `` ቁልፍን ስትጫኑ ቀመሮቹ ሁሉ ይገለጣሉ፤ በዓይን ማንበብ ነው።

ከዚህ በላይ የምወደው ሙከራ ግን ሌላ ነው። በ`Inputs` ላይ ሁለቱን የእንቁላል ዋጋዎች እጥፍ አድርጉ። የእንቁላል ገቢ ድምር እጥፍ መሆን አለበት። ካልሆነ መሃል ላይ አንድ ሰው ቁጥር ለጥፏል። እነሱ ፋይል ላይ ሞከርነው፤ ስምንተኛው ወር አልተነቃነቀም። የድሮው ቁጥር እዚያ ተለጥፎ ቀርቶ ነበር። በተቃራኒውም ሂዱ፤ በመዝገቡ ካሉት ግምቶች እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ለውጡ። ለውጣችሁት ድምሩ ምንም ካልሆነ ያ ግምት በመዝገብ ተጽፎ ሥራ የፈታ ነው።

ደረጃና ዝቅተኛ ቁጥር የጻፍንበት ጥቅም ደግሞ የሚታየው ጊዜያችንን የት እንደምናጠፋ ስንወስን ነው። ምርቱ ከ80 ወደ 70 ቢወርድ ዓመቱ ወደ 260 ሺህ ብር ያጣል። ስብራቱ ከ3 ወደ 5 ቢወጣ የሚጎድለው ወደ 47 ሺህ ብር ነው። ስለዚህ ስብራትን ለማጣራት ሌላ ሳምንት ማጥፋት አያስፈልግም። ሁለተኛ የምርት ደብተር መፈለግ ግን ያስፈልጋል።

ስለ ዋጋ ጭማሪም ተከራክረን ነበር። "ኑሮ እየተወደደ ነው፣ በሁለተኛው ዓመት 20 በመቶ እንጨምር" አለች እህትየዋ። መጨመር ይቻላል፤ ግን መኖውም በዚያው ልክ ይጨምር። ገቢን አንስቶ ወጪን በድሮ ዋጋ መተው ትርፍ ከምንም መፍጠር ነው። በመጨረሻ ሁለቱንም ባሉበት አቆየናቸው።

የብድር ባለሙያዋ ሁለተኛውን ፕላን ስታይ ያተኮረችው ድምሩ ላይ አይደለም። ከመዝገቡ ላይ የመጀመሪያዎቹን 10 ሳምንታት አየች። አራቱ ዜሮ፣ ስድስቱ ተደምረው 196 ሺህ ብር ገደማ፤ መኖው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይገዛል። ወርሃዊ ክፍያ በሁለተኛው ወር እንዲጀምር የተጻፈውን ራሷ "ይህ አይሆንም" አለች። የእፎይታ ጊዜ ተጨመረ፤ ለመኖ የሚሆን የሥራ ማስኬጃም በብድሩ ውስጥ ገባ። የብድሩ መጠን ግን ከጠየቁት አነሰ። 1,000 የነበረው 700 ዶሮ ሆነ። ገ-1 ተቀየረ፤ አዲስ ፕሮፎርማ ገባ፤ የቀረው ራሱን አሰላ።

ዶሮዎቹ መጣል ከጀመሩ በኋላ መዝገቡ አልተዘጋም። የራሳቸው ደብተር ስላለ ገ-3 ከደረጃ ለ ወደ ደረጃ ሀ ከፍ ብሏል። የመጀመሪያው የተረጋጋ ሩብ ዓመት አማካይ 77 ነው። አሮጌውን 80 ግን አልሰረዙትም። አዲሱን ከሥሩ ጻፉ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ለምን እንደተቀየረ አንድ መስመር ጨመሩ። ባንኩ "ያኔ 80 ብላችሁ ነበር" ቢል መልሱ እዚያው መስመር ላይ ነው። ቀጣዩ የሚታየው ግምት የሁዳዴ ዋጋ ነው፤ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ብለን ቀን ይዘንለታል።